የዋጋ ማቅረቢያ ሸኚ ኢሜይል

የዋጋ ማቅረቢያ ሸኚ ኢሜይል አንድ ነጋዴ ወይም ድርጅት መደበኛ የዋጋ ማቅረቢያ (በተለምዶ ፕሮፎርማ) ለገዢ ሲልክ ከሰነዱ ጋር የሚጽፈው አጭር መልእክት ነው። ሰነዱ ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ይገልጻል፤ ስንት ገጽ እንዳለው ይናገራል፤ ገዢው ከመወሰኑ በፊት የግድ ማየት ያለበትን ገጽም ይጠቁማል። ዋጋ ማቅረቢያው ራሱ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ሰነድ ሲሆን ኢሜይሉ ግን የሰነዱ መንገድ መሪ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሸኚ ኢሜይልን አሠራር በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች መካከል በሚደረግ የዕቃ አቅርቦት ምሳሌነት ያስረዳል። በዚህ አካባቢ ሻጩ ብዙ ጊዜ ጎንደር ሆኖ ዕቃው የሚራገፈው ከደባርቅ ወዲያ ባሉ ወረዳዎች ነው። ስለዚህ የማስረከቢያ ቦታና ጊዜ የሚጻፉበት ገጽ ከዋጋው ሠንጠረዥ ባልተናነሰ ሥራውን ይወስናል።

## ስያሜና አመጣጥ

«ሸኚ» የሚለው ቃል የመጣው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ነው። አንድ ክፍል ሰነድ ወደ ሌላ ሲልክ ሰነዱ ብቻውን አይሄድም፤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ «ጉዳዩ» የሚል ርዕስ የተጻፈበት፣ «…ገጽ አባሪ በማድረግ ልከናል» የሚል ሸኚ ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። የተቀባዩ መዝገብ ቤት ደብዳቤውን መዝግቦ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። የገጹ ብዛት የሚጠቀሰው በመንገድ የጎደለ ወረቀት ቢኖር ወዲያው እንዲታወቅ ነው።

ሸኚ ኢሜይል ይህንኑ ሥራ ይወርሳል። ልዩነቱ ተቀባዩ ሰነዱን የሚያየው ብዙ ጊዜ በስልክ መሆኑ ነው። በወረቀት ስድስት ገጽ ማገላበጥ ቀላል ሲሆን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ግን አንባቢው የዋጋውን ድምር ካገኘ በኋላ ወደ ታች መሄዱን ሊተው ይችላል። ስለዚህ «አባሪውን ይመልከቱ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ መንገር ያስፈልጋል።

## የሚሸኘው ሰነድ

የዋጋ ማቅረቢያ በትንሹ የሚከተሉትን ይይዛል፦ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የማስረከቢያ ቦታና ጊዜ፣ የክፍያ ሁኔታ፣ ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ እና የሻጩ ፊርማና ማኅተም። ገዢዎች በአብዛኛው የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ማስረጃ ቅጂም አብሮ እንዲላክ ይጠይቃሉ።

ገዢው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ያወዳድራል። የሚያወዳድረው ሠራተኛ የመጀመሪያ ጥያቄው «ድምሩ ስንት ነው?» ቢሆንም፣ ሁለተኛው ጥያቄ ከዚያ የበለጠ ክብደት አለው፦ «ይህ ዋጋ የጠየቅነውን ነገር በሙሉ ይይዛል ወይ?» ማጓጓዣ ያልገባበት 800,000 ብር ማጓጓዣ ከገባበት 840,000 ብር ሊበልጥ ይችላል። የዚህ ጥያቄ መልስ ግን ከድምሩ አጠገብ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ያለው ሁለትና ሦስት ገጽ ወረድ ብሎ ነው።

## የትኛው ገጽ ይጠቆማል?

ሁሉንም ገጽ የሚዘረዝር ኢሜይል አንድም ገጽ እንዳልጠቆመ ይቆጠራል። በልምድ የሚጠቆሙት ሦስት ገጾች ናቸው።

የመጀመሪያው የዋጋው ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ነው። በኢሜይሉ ውስጥ ድምሩን ከነታክሱ በአንድ መስመር መጥቀስና ዝርዝሩ ያለበትን ገጽ መናገር በቂ ነው።

ሁለተኛው ከጥያቄው የተለየ ነገር የተጻፈበት ገጽ ነው። ገዢው የጠየቀው ዕቃ፣ መጠን፣ ቦታ ወይም ቀን በሙሉ ካልተሟላ ልዩነቱ በሰነዱ ውስጥ አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። የኢሜይሉ ዋና ሥራ ይህን ገጽ ማሳየት ነው፤ ገዢው ራሱ ፈልጎ የማያገኘው ይህን ገጽ ነውና። ልዩነት ከሌለም «ከጥያቄያችሁ የተለየ ነገር የለም» ብሎ መጻፍ ገዢውን ከፍለጋ ያድነዋል።

ሦስተኛው ገዢው ቀን ጠብቆ አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚያስገድደው ገጽ ነው፤ ማለትም ዋጋው የሚጸናበት ጊዜና ቅድመ ክፍያው።

የንግድ ፈቃዱና የታክስ ማስረጃው «ከገጽ 6 ጀምሮ ተያይዟል» በሚል አጭር ሐረግ ያልፋሉ።

## ምሳሌ፦ የምንጭ ውሃ ቧንቧ ለጃናሞራ

የሚከተለው ምሳሌ አሠራሩን ለማሳየት የተዘጋጀ ሲሆን ሻጩ፣ ገዢውና ዋጋዎቹ የታሰቡ ናቸው። መልክዓ ምድሩና የቧንቧው ጠባይ ግን በአካባቢው በእውን ያሉ ናቸው።

### ጥያቄው

ደባርቅ ላይ ቢሮ ያለው አንድ የልማት ድርጅት በጃናሞራ ወረዳ አንድ ምንጭ አጎልብቶ ውሃውን በስበት ኃይል ወደ መንደር ቦኖ ለማውረድ ያቅዳል። ለሥራው 50 ሚሊሜትር የሆነ ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ 3,000 ሜትር ያስፈልገዋል። ከዚህ ውስጥ 2,000 ሜትሩ ፒኤን 10፣ የታችኛው 1,000 ሜትር ደግሞ ፒኤን 16 እንዲሆን ጠይቋል። በተጨማሪ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶና የመገጣጠሚያ ዕቃዎች ይፈልጋል። ዕቃው በ15 ቀን ውስጥ የወረዳው ከተማ መካነ ብርሃን ድረስ እንዲደርስለት ይላል።

ፒኤን ቧንቧው የሚችለውን ግፊት የሚያመለክት መለኪያ ነው። ፒኤን 10 የሆነው 10 ባር፣ ፒኤን 16 የሆነው 16 ባር ይችላል። ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል። በዚህ ሥራ ከሮቶው እስከ ቦኖው ያለው የከፍታ ልዩነት 135 ሜትር ነው እንበል። ቦኖው ተዘግቶ ውሃው ሲቆም በታችኛው ጫፍ ያለው ግፊት 13 ባር ገደማ ይሆናል። ፒኤን 10 ይህን አይችልም፤ ገዢው ለታችኛው ክፍል ወፈር ያለውን ቧንቧ የጠየቀውም ለዚህ ነው።

ጎንደር ያለው ሻጭ መጋዘኑን ሲያይ ፒኤን 10 በሙሉ አለው፤ ፒኤን 16 ግን ያለው 600 ሜትር ብቻ ነው። የቀረው 400 ሜትር ከፋብሪካ ተልኮ እስኪደርስ 35 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ዋጋ ማቅረቢያውን በስድስት ገጽ አዘጋጅቶ ዕቃው በሁለት ዙር እንደሚደርስ በገጽ 4 ላይ ይጽፋል።

የዋጋው ስሌት በገጽ 2 እንዲህ ነው፦

| ዕቃ | ብዛት | ነጠላ ዋጋ (ብር) | ጠቅላላ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ቧንቧ 50 ሚ.ሜ. ፒኤን 10 | 2,000 ሜትር | 190 | 380,000 |
| ቧንቧ 50 ሚ.ሜ. ፒኤን 16 | 1,000 ሜትር | 280 | 280,000 |
| ሮቶ 10,000 ሊትር | 1 | 120,000 | 120,000 |
| መገጣጠሚያ ዕቃዎች | 1 ስብስብ | 60,000 | 60,000 |
| ድምር | | | 840,000 |
| ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ | | | 126,000 |
| ጠቅላላ ድምር | | | 966,000 |

### ያልመራ ኢሜይል

ብዙ ፕሮፎርማ የሚላከው ከዚህ በማይበልጥ መልእክት ነው፦

> ሰላም፣ የጠየቃችሁን ፕሮፎርማ አያይዘናል። እናመሰግናለን።

መልእክቱ ውሸት የለበትም፤ ገጽ 4 ላይ ያለውም ነገር አልተደበቀም። ሆኖም የግዥ ሠራተኛው ገጽ 2ን አይቶ «3,000 ሜትር፣ 966,000 ብር» ብሎ በማወዳደሪያው ላይ ይሞላል። በ15ኛው ቀን 2,600 ሜትር ቧንቧ መካነ ብርሃን ይራገፋል። ቦዩ ተቆፍሯል፤ የመንደሩ ሰው ለጉልበት ሥራ ወጥቷል፤ 400 ሜትር ግን ይጎድላል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ክፍተቱን በገበያ በተገኘ ፒኤን 10 መሙላት ነው። ሁለቱ ቧንቧዎች ከውጭ ዲያሜትራቸው እኩል ስለሆነ መገጣጠሚያው ያለ ችግር ይገጥማል፤ ልዩነታቸው የግድግዳው ውፍረትና በቧንቧው ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው። ውሃው ሲለቀቅ ቀን ቀን ሰው እየቀዳ ስለሚውል ግፊቱ ዝቅ ይላል። ማታ ቦኖው ሲዘጋ ግን ሙሉው ግፊት ከታች ባለው ቧንቧ ላይ ያርፋል። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ቧንቧ በመጀመሪያው ሌሊት ባይፈነዳ እንኳ ዕድሜው ያጥራል፤ ጉዳቱም የሚታየው አፈር ከተመለሰበት በኋላ ነው።

### የሚመራ ኢሜይል

ያው ሻጭ፣ ያንኑ ሰነድ እንዲህ ሊሸኘው ይችላል፦

> ርዕስ፦ የዋጋ ማቅረቢያ ቁ. 041/18፤ የጃናሞራ ውሃ ቧንቧ፤ እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚጸና
>
> ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለግዥ ክፍል
> ደባርቅ
>
> በኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፋችሁልን ጥያቄ መሠረት ለጃናሞራው የምንጭ ውሃ ሥራ የሚውሉ ዕቃዎችን የዋጋ ማቅረቢያ በ6 ገጽ አዘጋጅተን አያይዘናል። ጠቅላላ ዋጋው መካነ ብርሃን ድረስ ማድረሻንና ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 966,000 ብር ነው።
>
> ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ገጾች እንድትመለከቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
>
> ገጽ 4፣ ከጥያቄያችሁ የተለየ ነገር። ከተጠየቀው 1,000 ሜትር ፒኤን 16 ቧንቧ በ15 ቀን ውስጥ ማድረስ የምንችለው 600 ሜትር ነው። ቀሪው 400 ሜትር ትእዛዝ ከደረሰን በ35 ቀን ይገባል። ለሁለተኛው ዙር ተጨማሪ የማጓጓዣ ዋጋ አንጠይቅም። በዚህ ክፍተት ፒኤን 10 ቧንቧ እንዳይገባበት እናሳስባለን።
>
> ገጽ 2፣ ዋጋ። የእያንዳንዱ ዕቃ ነጠላ ዋጋ።
>
> ገጽ 5፣ ክፍያና የሚጸናበት ጊዜ። ቅድመ ክፍያ 30 በመቶ ሲሆን ዋጋው እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2025) የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ ይጸናል።
>
> የንግድ ፈቃድና የታክስ ማስረጃዎች ገጽ 6 ላይ አሉ። የዕቃ መግለጫውን በሚመለከት ጥያቄ ካላችሁ ከዚህ በታች ባለው ስልክ ብትደውሉልን ባለሙያችን ያስረዳችኋል።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ የድርጅቱ ስም፣ ስልክ)

ኢሜይሉ ገጾቹን በቁጥር ቅደም ተከተል አልጠራም፤ ገጽ 4ን አስቀድሟል። ለገዢው የማይመቸው ነገር መጀመሪያ የተነገረው ውሳኔውን የሚለውጠው እሱ ስለሆነ ነው። ልዩነቱን በአኃዝ መግለጹም ወሳኝ ነው። «የማስረከቢያ ጊዜን በተመለከተ ገጽ 4ን ይመልከቱ» ቢል ኖሮ ገጹን ያልከፈተ ሰው ምንም አያውቅም። አሁን ግን አባሪውን ሳይከፍት ኢሜይሉን ብቻ ያነበበ የፕሮጀክት ኃላፊም 400 ሜትሩ እንደሚዘገይ ያውቃል።

ይህ መረጃ በጊዜ ሲደርሰው ገዢው ሦስት ምርጫ ይኖረዋል። የታችኛውን ቦይ ቁፋሮ ለሁለተኛው ዙር ያሸጋግራል፤ ወይም 400 ሜትሩን ብቻ ከሌላ አቅራቢ ይገዛል፤ ወይም መሐንዲሱን አማክሮ በመስመሩ መካከል የግፊት መስበሪያ ሳጥን እንዲሠራ ያደርጋል። ሦስቱም የሚቻሉት ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

### የማስረከቢያ ቦታ

በምሳሌው «መካነ ብርሃን ድረስ ማድረሻን ጨምሮ» የሚለው ሐረግ በኢሜይሉ የመጀመሪያ አንቀጽ የገባው በምክንያት ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው መንገድ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በቧሂት አጠገብ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ያልፋል። ጎንደር መጋዘን ላይ የሚረከብ፣ ደባርቅ የሚራገፍና መካነ ብርሃን የሚደርስ ዕቃ ሦስት የተለያየ ዋጋ አላቸው። ሮቶ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም መኪናውን የሚሞላ ዕቃ ስለሆነ የማጓጓዣ ወጪው በኪሎ አይሰላም።

ዋጋ ማቅረቢያው የማስረከቢያውን ቦታ በከተማ ስም ካልጠራ «ማድረሻን ይጨምራል» የሚለው ቃል ለክርክር ይዳርጋል፤ ሻጩ ደባርቅን፣ ገዢው መካነ ብርሃንን አስቦ ሊፈርሙ ይችላሉና።

## ዋጋው የሚጸናበት ቀን

የፕላስቲክ ቧንቧ በአገር ውስጥ ቢመረትም ጥሬ ዕቃው የሚገባው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይንቀሳቀሳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ እስከዚያ ድረስ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የተጻፈና ለ60 ቀን የሚጸና ዋጋ ማቅረቢያ በሻጩ ላይ ምን ያህል ኪሳራ ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

በዚህ ምክንያት ሻጮች የሚጸናበትን ጊዜ ያሳጥራሉ፤ የገዢው የግዥ ሂደት ግን ሳምንታት ይፈጃል። ቀኑ በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ሳይቀር የሚጻፈው ለዚህ ነው። «ለ30 ቀን» ከማለት የመጨረሻውን ቀን መጻፍ ይሻላል። ቀኑ የሚቆጠረው ሰነዱ ከተጻፈበት ነው ወይስ ኢሜይሉ ከደረሰበት የሚለው ጥያቄ ያኔ አይነሳም።

ገዢው ዋና ቢሮው በውጭ አገር ያለ ድርጅት ከሆነ ቀኑ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር መጻፍ አለበት። በቁጥር ብቻ «10/4/2018» ተብሎ የተጻፈ ቀን ለደባርቁ አንባቢ ታኅሣሥ 10 ሲሆን ለውጭ አገር አንባቢ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ነው። የሰዓት ገደብም ካለ እንዲሁ ነው፤ «8 ሰዓት» የሚለው በአንዱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ፣ በሌላው ገና ጠዋት ነው።

## የሕግ ውጤት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1690 ውል ለመዋዋል ሐሳብ ያቀረበና ለመቀበያው ጊዜ የወሰነ ሰው የወሰነው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ይደነግጋል። በምሳሌው ሻጩ እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ በ966,000 ብር ይገደዳል ማለት ነው። ስለዚህ በሰነዱ ላይ ቀን ወስኖ በኢሜይሉ «ዋጋው እንደ ገበያው ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል» ብሎ መጻፍ ሁለቱን ጽሑፎች ያጋጫል። እንዲህ ያለ ኢሜይል የደረሰው ገዢ የትኛው እንደሚጸና በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከሰነዱ ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል።

አንቀጽ 1694 ደግሞ የቀረበውን ሐሳብ ለውጦ ወይም ቅድመ ሁኔታ አክሎ መቀበል ሐሳቡን እንዳለመቀበልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል ይላል። ገዢው «ተስማምተናል፤ ነገር ግን ሁሉም ዕቃ በ15 ቀን ይግባ» ብሎ ቢመልስ ውል አልተደረገም፤ ኳሱ ወደ ሻጩ ተመልሷል። ገጽ 4ን ሳያይ ትእዛዝ የሰጠና በትእዛዙ ላይ «በጥያቄያችን መሠረት» ብሎ የጻፈ ገዢ ሳያውቀው እዚህ ሁኔታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ልዩነቱን በግልጽ የሚጠቁም ሸኚ ኢሜይል ይህን ይከላከላል፤ ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ነገር እንደተስማሙ ማስረጃ ይሆናልና።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። ስለዚህ ኢሜይል እንደ ተራ ወሬ አይታይም፤ የተጻፈበት ቃል ሁሉ በኋላ ሊጠቀስ ይችላል።

## የተለመዱ ስህተቶች

የገጽ ቁጥር አለመግጠም። ብዙ ዋጋ ማቅረቢያ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በስልክ ካሜራ ወይም በስካነር ተነሥቶ ነው የሚላከው። በመንገድ ላይ የሽፋን ገጽ ሊታከልበት ወይም ቅደም ተከተሉ ሊዛባ ይችላል። ያኔ በወረቀቱ ላይ «ገጽ 4» የተባለው በፋይሉ አምስተኛ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው እያንዳንዱን ገጽ «ገጽ 4 ከ6» ብሎ ማተምና ኢሜይሉን የሚጽፈው ሰው የመጨረሻውን ፋይል ራሱ ከፍቶ ቁጥሩን ማመሳከሩ ነው። ኢሜይሉ ፋይሉ ከመዘጋጀቱ በፊት ከተጻፈ ይህ ስህተት አይቀሬ ነው።

በፎቶ የተከፋፈለ አባሪ። ስድስት ገጽ በስድስት የተለያዩ ፎቶዎች ሲላክ «ገጽ 4» የሚለው መጠቆሚያ ትርጉም ያጣል፤ ፎቶዎቹ የሚደረደሩት እንደ ተቀባዩ ስልክ ነውና። አንድ ፒዲኤፍ ማድረግ ይህን ያስቀራል። መጠኑም መታየት አለበት፤ ለምሳሌ ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ አባሪ በቀጥታ አያያይዝም፤ በደካማ ኔትወርክ ደግሞ ከዚያ ያነሰውም ለመክፈት ያስቸግራል።

የቁጥር መጋጨት። ዋጋው ከተከለሰ በኋላ አዲሱ ሰነድ ከቀድሞው ኢሜይል ቅጂ ጋር ይላካል፤ በኢሜይሉ የቀረው ድምር ያሮጌው ይሆናል። ክለሳ ሲላክ «ይህ በኅዳር 10 የላክነውን ይተካል» የሚል ዓረፍተ ነገርና የተለወጠው ገጽ ቁጥር መጻፍ አለበት።

ታክሱን ግልጽ አለማድረግ። በምሳሌው 840,000 እና 966,000 ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። በኢሜይሉ የተጠራው የትኛው እንደሆነ ካልተነገረ ገዢው አንዱን አቅራቢ ከነታክሱ፣ ሌላውን ያለ ታክሱ ሊያወዳድር ይችላል።

## ኢሜይል የማያገለግልበት ሁኔታ

ዋጋ በታሸገ ፖስታ እንዲቀርብ በተጠየቀበት ግዥ፣ በተለይም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዋጋውን በኢሜይል መላክ አቅራቢውን ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፖስታው በቀጠሮው ሰዓት በኮሚቴው ፊት እስኪከፈት ድረስ ዋጋውን ማንም ማወቅ የለበትም። በዚህ ጊዜ የሸኚውን ሥራ የሚሠራው ከሰነዱ ጋር በፖስታው ውስጥ የሚገባ ሸኚ ደብዳቤ ነው፤ የገጽ መጠቆሚያውም እዚያ ይጻፋል። ግዥው በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት የሚካሄድ ከሆነም ዋጋው የሚሞላው በሥርዓቱ ቅጽ ላይ ነው።

አንዳንድ ድርጅቶች ዋጋ ማቅረቢያን በኢሜይል ቢቀበሉም ለዚሁ በተለየ አድራሻ ብቻ እንዲላክና በመልእክቱ አካል ውስጥ ዋጋ እንዳይጠቀስ ያዝዛሉ። በዚህ ጊዜ ሸኚ ኢሜይሉ ድምሩን ትቶ የገጹን ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ በገጽ 4 ያለውን የማስረከቢያ ልዩነት ግን ዋጋ ስላልሆነ፣ የጥያቄው ሰነድ እስካልከለከለ ድረስ፣ እንዳለ ሊጽፈው ይችላል።